የማርክ እስክሪብቶና የቱቶሪያል ብር በአንድ እጅ

እህቴ መርሳ ላይ 11ኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት አንድ ማታ ደወለችና «300 ብር ላክልኝ» አለችኝ። ለምን ስላት የፊዚክስ ቲቸር ቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል ሊጀምር ነው አለች።

«የክፍላችሁ ቲቸር ራሱ?»

«አዎ፣ ራሱ።»

«ካልገባሽስ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ካልገባሁማ...» ብላ ተወችው። ብሩን በቴሌብር ላክሁላት። ያቺ ሳትጨርሳት የቀረችው «ካልገባሁማ» ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

የመምህሩን ስምም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም ባልደከምኩ። እናንተም ወልድያ ሁኑ ሐብሩ፣ ደሴ ሁኑ አዲስ አበባ፣ ከራሳችሁ ቲቸር ቱቶሪያል ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ መምህር የራሱን ተማሪ በክፍያ ማስጠናቱ ጥፋት ነው? ጥፋት ከሆነስ ጥፋቱ በትክክል የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ የሆነውን ላስቀምጥ። በእህቴ ክፍል 55 ተማሪዎች ነበሩ። ቱቶሪያል የተመዘገቡት 25 ናቸው። 25 በ300 ሲባዛ በወር 7,500 ብር ነው። ይህ ከመምህሩ ደመወዝ ተቆራርጦ እጁ ላይ ከሚደርሰው ጋር ተቀራራቢ ነው። ቦታው ከአንድ ሱቅ ጀርባ የተከራየው ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሁድ ሁለት ሰዓት። ደግሞ ሰውየው ያስተምራል! እህቴ «እሱ ሲያስረዳ ይገባኛል» ትላለች፣ አምናታለሁ።

ወላጅ ለምን እንደሚከፍልም ግልጽ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። በዚያ ላይ የኛ አካባቢ ልጆች በጦርነቱ ምክንያት ያመለጣቸውን ትምህርት እንደተሸከሙ ነው ከክፍል ክፍል ያለፉት። እንዲህ ያለ ወላጅ 300 ብር ለልጁ ቢከፍል ማን ይፈርድበታል?

ለበዓል ስሄድ መምህሩን አገኘሁት። ቡና እየጠጣን ነገሩን አነሳሁበት። አልተቆጣም።

«አብሽር ወንድሜ፣ ማንንም አላስገደድኩም» አለኝ። «ቅዳሜ የመንግሥት ሰዓት አይደለም፣ የራሴ ነው። የጠየቁኝም ወላጆቹ ናቸው። አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፣ እስቲ በዚህ ደመወዝ ቤት ተከራይቼ ልጅ እንዴት እንደማሳድግ አስላልኝ።»

አስልቼ መልስ ማምጣት አልቻልኩም። ሦስቱም ነጥቦቹ እውነት ናቸው። ሥራው በትርፍ ሰዓቱ ነው፣ ፈላጊው ራሱ መጥቶ ነው የጠየቀው፣ ደመወዙም አይበቃም። እዚህ ላይ ብናቆም ጥፋት የለም ብለን እንሄድ ነበር።

ግን አንድ ነገር ይቀራል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ልጅ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ሲማር ውጤቱን የሚሰጠው የራሱ ትምህርት ቤት ነው። ኩዊዙን፣ አሳይመንቱን፣ የክፍል ሥራውን፣ በጥቅሉ ተከታታይ ምዘና የምንለውን የሚያወጣውም የሚያርመውም የክፍሉ መምህር ነው። 8ኛ ክፍል ላይ የክልል ፈተና አለ፣ 12ኛ ላይ ብሔራዊ። መሀል ላይ ግን የውጭ አራሚ የለም። ቱቶሪያሉን የሚሸጠው ሰው ማርኩን የሚሰጠውም እሱ ነው። የእህቴ «ካልገባሁማ» የመጣችው ከዚህ ነው። መምህሩ አላስፈራራትም፣ ማስፈራራትም አያስፈልገውም። እስክሪብቶው ብቻውን ይናገራል።

አሁን ነገሩን በሥነ ምግባር ደንብ እንየው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የምናያቸውን 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች ታስታውሳላችሁ? የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያስተምራቸው ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከ12ቱ ለዚህ ጉዳይ ሦስቱ ይበቁናል።

አንደኛው ሕጋዊ በሆነ ሥልጣን መገልገል ነው። መምህር ሥልጣን አለው ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ግን ልጅን ማሳለፍና መጣል ሥልጣን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሥልጣኑ የተሰጠው እንዲያስተምርና እንዲመዝን ነው። ያው ሥልጣን ሳይታሰብ ደንበኛ ማምጫ ሲሆን ከተሰጠበት ዓላማ ወጥቷል። መምህሩ «አላስገደድኩም» ሲል ስለ ራሱ ሐሳብ እየነገረኝ ነው። መርሁ የሚጠይቀው ግን ልጁ ያለ ፍርሃት «አልፈልግም» ማለት ይችላል ወይ ብሎ ነው።

ሁለተኛው አድሎ አለመፈጸም ነው። የእህቴ ክፍል ውስጥ ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው መርሳ ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት ተነስተው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሁድ ማታ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ቱቶሪያሉ ቅዳሜና እሁድ ነው። 300 ብሩ ቢገኝ እንኳ ቀኑ አይመቻቸውም። ስለዚህ መምህሩ ማንንም ለይቶ ባይከለክልም፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል።

ሦስተኛው ግልጽነት ነው። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ከመንደር ወሬ ሰምቶ ይሆናል እንጂ በወረቀት አያውቅም። ማን እንደተመዘገበ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ምን እንደሚማሩ የሚያሳይ አንድም ቦታ የለም። መደበቁ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ግን ቅሬታ ቢነሳ እውነቱን ማጣራት አይቻልም፣ መምህሩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን ማሳየት አይችልም።

ታዲያ ነገሩ መበላሸቱ በምን ይታወቃል? የእህቴን ወረቀቶች ሰብስቤ አየሁ። ከ20 በታረመ አንድ ኩዊዝ እሷ 17 አመጣች፣ ቱቶሪያል የማትገባው የዴስክ ጓደኛዋ 9። ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱ ቱቶሪያል ላይ ከተሰጠው ወርክሺት ቁጥራቸው ብቻ ተቀይሮ የመጡ ነበሩ። በኋላ የሁለት ሴክሽን ተማሪዎች በጋራ የተፈተኑት፣ ሌላ መምህር ያወጣው ፈተና መጣ። ከ30 እህቴ 15፣ ጓደኛዋ 14። የስምንት ማርክ ልዩነት ወደ አንድ ወረደ።

ሁለት ልጆች ማስረጃ አይሆኑም፣ ይህን ስታትስቲክስ ያስተማሩኝ ሰዎች ይታዘቡኛል። ግን የት መመልከት እንዳለብን ያሳያሉ። ቱቶሪያሉ እውነተኛ ዕውቀት ከጨመረ ልዩነቱ በሌላ ሰው ፈተና ላይም መታየት አለበት። በራሱ በመምህሩ ኩዊዝ ላይ ብቻ ከታየ የተሸጠው ፊዚክስ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ሌላም ምልክት አለ። ክፍል ውስጥ «ይህን ራሳችሁ አንብቡት» ተብሎ የታለፈ ምዕራፍ ቅዳሜ በዝርዝር ከተሠራ፣ የመንግሥት ክፍለ ጊዜ ለቱቶሪያሉ ማስታወቂያ ሆኗል ማለት ነው።

መምህሩን ስለ ወርክሺቱ ስጠይቀው «40 ደቂቃ ለ55 ልጅ ምን ይበቃል?» አለኝ። ልክ ነው፣ አይበቃም። ችግሩ ግን ይኸው ነው። ጊዜው በማይበቃበት ቦታ ምን እንደሚቀር የሚመርጠው ሰው፣ ከሚቀረው ነገር ገቢ ያገኛል። ሲማ ጃያቻንድራን የተባለች ኢኮኖሚስት ኔፓል ላይ ይህንኑ አጥንታ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትማለች። መምህራን ለራሳቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ በክፍያ ማስጠናት ሲችሉ፣ በመደበኛው ሰዓት የሚያስተምሩት እንደሚቀንስ የሚያሳይ መረጃ አገኘች። የሚጎዱትም መክፈል የማይችሉት ናቸው። ይህ ማለት እያንዳንዱ መምህር ሆን ብሎ ያስቀራል ማለት አይደለም። ጥሩ ሰውም ቢሆን ጥቅሙ ወደ አንድ ጎን እየጎተተው ይሠራል ማለት ነው።

ታዲያ ይከልከል? ደቡብ ኮሪያ በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የግል ማስጠናትን ጠቅላላ ከልክላ ነበር። ማስጠናቱ በድብቅ ቀጠለ፣ በ2000 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረው። ዛሬ እዚያ ማስጠናት ትልቅ ንግድ ነው፣ በሥራ ላይ ያለ የትምህርት ቤት መምህር ግን በክፍያ ማስጠናት አይችልም። መስመሩን ያሰመሩት እስክሪብቶውና ብሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

መርሳ ግን ሴኡል አይደለችም። መምህር ከተከለከለ ሌላ አስጠኚ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እኔ የምለው ብሩን ሳይሆን እስክሪብቶውን እናንሳ ነው። ወልድያን በመሰለ ከተማ ቀላል ነው፣ የአንዱ ትምህርት ቤት መምህር የሌላውን ተማሪ ያስጠና። ሥራው ያው፣ ብሩም ያው፣ ፍርሃቱ ግን የለም። ለአንድ የክፍል ደረጃ አንድ የፊዚክስ መምህር ብቻ ያለበት ትንሽ ትምህርት ቤት ግን መቀያየር አይችልም። እዚያ ቢያንስ ሦስት ነገር ይቻላል። መምህሩ የሚያስጠናቸውን ልጆች ዝርዝር ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይስጥ። ወርክሺቱ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ይታደል። የክፍል ፈተናውን ወረቀት ደግሞ ሌላ መምህር በመልስ መስጫ ያርመው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍበት። ይህ ለአራሚው ተጨማሪ ሥራ ነው፣ በነፃ ሁልጊዜ ይሠራዋል ብዬም ራሴን አላታልልም። ከቱቶሪያሉ ገቢ ትንሽ ለአራሚው ቢመደብ ግን ቅር የሚለው ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

መምህሩ ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበ። «ዝርዝሩን መስጠቱ አይከብደኝም» አለ። «ወርክሺቱን ለሁሉም ካደልኩ ግን ማን ይመጣል?»

መልሱን ራሱ ተናገረው መሰለኝ። ልጆቹ ለማስረዳቱ የሚመጡ ከሆነ ወርክሺቱ ቢታደልም ይመጣሉ። የማይመጡ ከሆነ የሚሸጠው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ይታወቃል።

እህቴ አሁን 12ኛ ክፍል ናት፣ ብሔራዊ ፈተናዋን የሚያርመው የክፍሏ መምህር አይደለም። በቀደም ደውዬ «ያኔ 'ካልገባሁማ' ያልሽው ምን ልትይ ነበር?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «ቲቸር ጥሩ ሰው ነው። ግን ኩዊዝ ሲመልስልን መጀመሪያ የማየው ማርኬን ሳይሆን የሱን ፊት ነበር።»