በሥራ ቦታ የኢሜይልና የስልክ ክትትል

በሥራ ቦታ የኢሜይልና የስልክ ክትትል ማለት አሠሪ ሠራተኞቹ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ኢሜይል ወይም ስልክ የሚያደርጉትን ግንኙነት መመዝገቡ፣ ማንበቡ ወይም ማዳመጡ ነው። አሠሪው ይህን የሚያደርገው የንግድ ምስጢሩን ለመጠበቅ፣ ማጭበርበርን ለመከላከል ወይም የሥራ ሰዓት በአግባቡ መዋሉን ለማረጋገጥ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው በበኩሉ የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት መብት አለው። ሁለቱ ሲጋጩ እንዴት እንደሚመዘኑ በአውሮፓ በስፋት የሚጠቀሰው ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሰጠው የባርቡሌስኩ እና የሮማኒያ ጉዳይ ነው።

የክትትል ዓይነቶች

ዋናው ልዩነት የግንኙነትን መዝገብ በማየትና ይዘቱን በማንበብ መካከል ያለው ነው። የቢሮ ስልክ ሥርዓት ከየትኛው መስመር ወደ የትኛው ቁጥር፣ በስንት ሰዓት እንደተደወለና ንግግሩ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዘግባል። የኢሜይል ሰርቨርም የላኪውን፣ የተቀባዩን፣ የሰዓቱንና የመልእክቱን መጠን መዝገብ ይይዛል። ከዚህ መዝገብ አንድ ሠራተኛ የቢሮውን ስልክ ለግል ጉዳይ ደጋግሞ መጠቀሙን ማወቅ ይቻላል፤ ምን እንዳወራ ግን አይታወቅም።

ይሁንና መዝገቡም ብቻውን ብዙ ይናገራል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ክሊኒክ የደወለ ሰው ንግግሩ ባይደመጥም ስለ ጤናው ፍንጭ ይሰጣል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በኮፕላንድ እና የዩናይትድ ኪንግደም ጉዳይ የወሰነው ይህን የሚመለከት ነበር። በዌልስ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ የአንዲት ሠራተኛውን የስልክ፣ የኢሜይልና የኢንተርኔት አጠቃቀም ይከታተል ነበር። መንግሥት የተመረመረው መዝገቡ እንጂ ይዘቱ አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ ክትትሉ በጊዜው በሕግ የተደገፈ ስላልነበር መብቷ ተጥሷል ብሏል።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የግል ኢሜይልን መክፈትም ሁልጊዜ ከለላ አይሆንም። ድረ ገጹ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ ድርጅቱ የራሱን ሰርተፊኬት በኮምፒዩተሩ ላይ ከጫነ መልእክቱ በመሃል ተፈትቶ ሊታይ ይችላል። ተጠቃሚው ይህን የሚያውቅበት አንዱ መንገድ በማሰሻው ውስጥ የገጹን ሰርተፊኬት ከፍቶ ሰጪውን ማየት ነው። ሰጪው የታወቀ የሰርተፊኬት ተቋም ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ወይም የደኅንነት መሣሪያው ከሆነ ግንኙነቱ በመሃል እየተፈተሸ ነው። ማያ ገጹን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም።

የባርቡሌስኩ ጉዳይ

ቦግዳን ባርቡሌስኩ ከ2004 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በቡካሬስት በአንድ የግል ኩባንያ ውስጥ የሽያጭ ኃላፊ መሐንዲስ ነበር። በአሠሪው ጥያቄ ለደንበኞች መልስ የሚሰጥበት የያሁ ሜሴንጀር አካውንት ከፈተ። የኩባንያው የውስጥ ደንብ ኮምፒዩተርና ስልክን ለግል ጉዳይ መጠቀምን ይከለክል ነበር፤ ባርቡሌስኩም ደንቡን አንብቦ ፈርሟል። ደንቡ ግን አሠሪው መልእክቶችን ሊከታተል እንደሚችል አይናገርም ነበር።

ኩባንያው ከሐምሌ ወር 2007 እ.ኤ.አ. 5ኛ ቀን እስከ 13ኛ ቀን መልእክቶቹን ወዲያው ወዲያው ቀዳ። ባርቡሌስኩ ሲጠየቅ አካውንቱን ለሥራ ብቻ እንደተጠቀመበት በጽሑፍ መለሰ። ከዚያ በኋላ የ45 ገጽ ግልባጭ ቀረበለት። በውስጡ ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተለዋወጣቸው፣ አንዳንዶቹ እጅግ ግላዊ የሆኑ መልእክቶች ነበሩ። በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ከሥራ ተሰናበተ፤ የሮማኒያ ፍርድ ቤቶችም ስንብቱን አጸኑ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ጉዳዩን በመጀመሪያ ያየው የአውሮፓው ፍርድ ቤት ችሎት በስድስት ድምፅ ለአንድ መብቱ አልተጣሰም አለ። ችሎቱ አሠሪ በሥራ ሰዓት ሥራ መሠራቱን ማረጋገጥ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ አካውንቱንም የከፈተው በውስጡ የሥራ መልእክት ብቻ እንዳለ በማመን ነው ሲል አስረዳ። ታላቁ ችሎት ግን መስከረም 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በ11 ድምፅ ለ6 ይህን ቀየረው። የአሠሪ መመሪያ በሥራ ቦታ ያለውን የግል ማኅበራዊ ሕይወት ፈጽሞ ሊያጠፋው አይችልም የሚል አቋም ወሰደ።

የመመዘኛ ጥያቄዎች

ታላቁ ችሎት የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ሊመረምሯቸው የሚገቡ ስድስት ነጥቦችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሠራተኛው ስለ ክትትሉና ስለ ዓይነቱ ክትትሉ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ መነገሩ ነው። ሁለተኛው የክትትሉ ስፋት ነው፤ መዝገቡ ብቻ ነው ወይስ ይዘቱም? ለምን ያህል ጊዜ? ውጤቱንስ ስንት ሰው ያየዋል? ሦስተኛው አሠሪው በቂ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው፤ ይዘት ማንበብ ከመዝገብ ይልቅ ጠንካራ ምክንያት ይፈልጋል። አራተኛው ያው ዓላማ ይዘቱ ሳይነበብ ሊሳካ ይችል እንደነበር ነው። አምስተኛው ክትትሉ በሠራተኛው ላይ ያመጣው ውጤት፣ ስድስተኛው ደግሞ ለሠራተኛው የተደረገለት ጥበቃ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የባርቡሌስኩ ጉዳይ የወደቀው ገና በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነው። ለግል ጉዳይ መጠቀም ክልክል መሆኑን ማወቅ፣ መልእክት እንደሚነበብ ከማወቅ የተለየ ነው። ኩባንያው በሥርዓቱ ላይ ጉዳት እንዳይደርስና ምስጢር እንዳይወጣ መጠንቀቁን ቢጠቅስም፣ ባርቡሌስኩ ኩባንያውን ለእነዚህ አደጋዎች ማጋለጡን የሚያሳይ ነገር አልነበረም። የሮማኒያ ፍርድ ቤቶችም ቀለል ያለ ክትትል ይበቃ እንደነበር አልመረመሩም።

የውሳኔው ወሰን መታወቅ አለበት። ፍርድ ቤቱ ክትትልን አልከለከለም። አሠሪው የግል ኩባንያ ስለሆነ ጥፋተኛ የተባለው የሮማኒያ መንግሥት ነው፤ ፍርድ ቤቶቹ የዜጋውን መብት በበቂ አልጠበቁም በሚል። ባርቡሌስኩ ያገኘውም ለወጪው 1,365 ዩሮ ብቻ ነው።

ሚዛኑ ለአሠሪም ሊያደላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሎፔዝ ሪባልዳ እና የስፔን ጉዳይ ታላቁ ችሎት ተመሳሳይ ነጥቦችን በካሜራ ክትትል ላይ ተጠቀመ። የአንድ ሱፐርማርኬት ሠራተኞች በድብቅ ካሜራ መቀረጻቸው አልተነገራቸውም ነበር። ነገር ግን ከባድ ስርቆት መኖሩ በበቂ ምክንያት ስለተጠረጠረና ቀረጻው ለአጭር ጊዜ ስለነበር መብታቸው አልተጣሰም ተብሏል።

በአሜሪካና በኢትዮጵያ

በአሜሪካ አሠሪ በራሱ መሣሪያ ላይ የሚያደርገው ክትትል ሰፊ ነፃነት አለው። የኒው ዮርክ ግዛት ግን ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢሜይል፣ ስልክ ወይም ኢንተርኔት የሚከታተል የግል አሠሪ አዲስ ለሚቀጥረው ሰው በጽሑፍ እንዲያሳውቅና ሠራተኛውም ማወቁን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። ከዚህ በተጨማሪ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ውሳኔ ኢትዮጵያን አያስገድድም። ሆኖም አንድ መሥሪያ ቤት የክትትል ደንብ ሲያወጣ፣ ወይም ሠራተኛ እንዲፈርም የቀረበለትን ደንብ ሲያነብ፣ ስድስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ ይቻላል። «ለግል ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነው» የሚለው መስመር ብቻውን፣ መልእክት ይነበባል ማለት አይደለም።