የፖድካስት አርእስትና የፈላጊው ቃል

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው አጠና ተራ ገዢው የሚፈልገውን እንጨት በዐይኑ አይቶና በእጁ ነክቶ ይመርጣል፡፡ በፖድካስት፣ ማለትም በኢንተርኔት በየክፍሉ በሚሰራጨው የድምፅ ዝግጅት፣ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም፡፡ ንግግሩ እንደ ተዘጋ ሣጥን ነውና ፈላጊው አስቀድሞ የሚያገኘው በላዩ የተጻፈውን ነው፡፡ እንደ አፕል ፖድካስትስ ያሉ ማውጫዎችም ለፍለጋ በቅድሚያ የሚመለከቱት የዝግጅቱን ስም፣ የአዘጋጁን ስምና የክፍሉን አርእስት ነው፡፡

አንድ የአጠና ነጋዴ ስለ ባሕር ዛፍ አመራረጥ ለቤት ሠሪዎች የሚሆን ንግግር አስቀድቶ «ክፍል 12፤ ጠቃሚ ውይይት» የሚል አርእስት ሰጠው እንበል፡፡ ቤት ሠሪው በስልኩ የሚጽፈው «አጠና» ወይም «ባሕር ዛፍ» ብሎ ነው፡፡ ከሁለቱ ቃላት አንዱም በአርእስቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ንግግሩ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ከፈላጊው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ ለቀረጻ የወጣውም ገንዘብ ከንቱ ይሆናል፡፡ የክፍሉ ቁጥር በአርእስቱ መግባት አያስፈልገውም፤ ዝግጅቱን ወደ ማውጫዎች የሚያስተላልፈው ፋይል ለቁጥሩ የተለየ ስፍራ አለውና፡፡ የተሻሻለው እንደሚከተለው ይጻፋል፡፡

```
<title>አጠና፦ ለቤት ሥራ የሚሆን ባሕር ዛፍ አመራረጥ</title>
<itunes:episode>12</itunes:episode>
```

በዚህ አርእስት ላይ «አጠና» የሚለው ቃል ብቻውን በመጀመሪያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በአማርኛ «የ»፣ «በ»ና «ለ» ከስም ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ፡፡ ቃልን ከመነሻ ፊደሉ ጀምሮ የሚያነጻጽር መፈለጊያ «የአጠና» የሚለውን ከ«አጠና» የተለየ ቃል አድርጎ ሊያልፈው ይችላል፡፡ ስለዚህ ዋናው የዕቃ ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ቅጥያ ራሱን ችሎ መጻፍ ይገባዋል፡፡

ሁለተኛው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው፡፡ «ባሕር» እና «ባህር» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ግን «ሕ» U+1215፣ «ህ» ደግሞ U+1205 የሚል የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፡፡ መፈለጊያው ሁለቱን እንዲያስተካክል ካልተሠራ በቀር አንዱን የጻፈ ሰው ሌላውን አያገኝም፡፡ የክፍለ ከተማው ስም ራሱ «ቀራኒዮ» ተብሎም «ቀራንዮ» ተብሎም ይጻፋል፡፡ ይሁን እንጂ አጻጻፉን ሁሉ በአርእስቱ ላይ መደርደር አይገባም፤ አርእስቱ ለአንባቢ የማይጥም ከመሆኑም በላይ፣ አፕል በአርእስትና በአዘጋጅ ስም ውስጥ የቃላት ክምር የሚያስገቡትን ዝግጅቶች ከማውጫው ሊያስወጣ እንደሚችል በመመሪያው አስታውቋል፡፡ በአርእስቱ ላይ አንደኛው አጻጻፍ፣ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው በተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር ቢገባ ይበቃል፡፡

መግለጫው ከአርእስቱ የተለየ ተግባር አለው፡፡ አንዳንድ ማውጫ ለፍለጋ ላይጠቀምበት ይችላል፤ ነገር ግን በነጋዴው ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ እንደ ጉግል ያለው መፈለጊያ ያነበዋል፡፡ በስልክ ዝርዝር ላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብቻ ስለሆኑ በሰላምታና በምስጋና መሙላት አይገባም፡፡ ለዚሁ ክፍል እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፡፦ «የደረቀ ባህር ዛፍ ከእርጥቡ እንዴት ይለያል? እርጥብ አጠና ሲደርቅ ለምን ይጣመማል? በኮልፌ አጠና ተራ የተደረገ ውይይት፡፡ (04:10) ስለ ውፍረት፤ (09:30) ስለ መሰንጠቅ፡፡» በስፖቲፋይ እንዲህ በቅንፍ የተጻፈውን ደቂቃ አድማጩ ሲነካው በቀጥታ ወደዚያ ስፍራ ይወሰዳል፤ ጥያቄዎቹም ገዢው በሱቅ ቆሞ የሚጠይቃቸው ናቸው፡፡

ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው በመፈተን ነው፡፡ ክፍሉ በማውጫው ላይ ከታየ በኋላ፣ ዝግጅቱን ከዚህ ቀደም ባልከፈተ ስልክ «አጠና»፣ «ባሕር ዛፍ»፣ «ባህር ዛፍ» እያሉ በየተራ መፈለግና የተገኘበትንና ያልተገኘበትን በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል፡፡ የዝግጅቱ ስም ተጽፎ እንኳ ክፍሉ ካልተገኘ፣ ስሕተቱ የቃል ምርጫ ሳይሆን የስርጭቱ ነው፤ ፋይሉ ወደ ማውጫው መድረሱ ይመርመር፡፡ በስም ተገኝቶ በዕቃው ስም ካልተገኘ ግን መታረም ያለበት አርእስቱ ነው፡፡ አርእስትን ለማረም ንግግሩን እንደገና መቅዳት አያስፈልግም፤ ጽሑፉ ብቻ ይለወጣል፡፡ ከሁሉ የሚሻለው የቃል ምንጭም በነጋዴው እጅ ነው፤ ይኸውም ደንበኞች በስልክ ሲያዝዙ ዕቃውን የሚጠሩበት ስም ነው፡፡