ተጨማሪ መረጃ፦ የልብ ድካም በአንድ ገጽ

የክፍል ማስታወሻ የሚከተለው የመምህሩን ንግግር ነው፤ የደም ግፊት መጀመሪያ ላይ፣ የእግር እብጠት ሦስት ገጽ አልፎ፣ ፉሮሰማይድ ደግሞ ጠርዝ ላይ ተጭሮ ይገኛል። ወደ አንድ ገጽ ስታመጡት መንስኤ፣ ምልክት፣ ምርመራና ሕክምና የሚሉ አራት ዓምዶች አስምሩ። ሲሞላ ግን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን፤ አንድ ረድፍ ለአንድ ታካሚ።

ለምሳሌ የ25 ዓመት ሴት ናት እንበል። በልጅነቷ የያዛት የሩማቲክ ትኩሳት ማይትራል ቫልቯን አጥብቦታል። ደሙ እንደልቡ ስለማያልፍ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሌሊትም አፍኗት ትነቃለች። የሳንባው ግፊት ቆይቶ የልቧን ቀኝ ክፍል ሲያደክም የአንገቷ ደም ሥር ይወጠራል፣ ጉበቷና እግሯ ያብጣሉ። ምልክቶቹን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፏቸው፤ ሽምደዳው ይቀልላል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው የምርመራው ዓምድ ላይ ነው። በኢኮ የግራ ልቧ ደም የመርጨት አቅም 60% ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን የልብ ድካም የለባትም ማለት አይደለም፣ ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነውና። በሕክምናው ዓምድ፣ ፉሮሰማይድ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ቤታ ብሎከር ምቱን አዘግይቶ ደሙ እንዲያልፍ ጊዜ ይሰጣል፣ ቫልቩን የሚከፍተው ግን ባሉን ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ዕድሜ የሚያራዝሙት ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የሚገቡት በሌላ ረድፍ፣ ጡንቻው ደክሞ አቅሙ 40% ወይም ከዚያ በታች የወረደበት ታካሚ ጋ ነው።