አንድ ቀሚስ በሠላሳ ገጽ

የሽሮ ሜዳን የሽመና ሥራ በኢንተርኔት አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ሐበሾች የሚሸጥ አንድ ሱቅ እናስብ። ከሚሸጣቸው ልብሶች አንዱ የፈትል ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ በ6 ቀለም ይመጣል፣ ሳይዙ ደግሞ 5 ዓይነት ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ቀለምና ሳይዝ የየራሱን ገጽ ይከፍታል። 6 በ5 ሲባዛ 30 ገጽ መሆኑ ነው። በሠላሳዎቹም ላይ ያለው ርዕስ «የሐበሻ ቀሚስ» የሚል ነው፤ ከፎቶው ሥር ያለው ማብራሪያም ቃል በቃል አንድ ነው።

ብዙ ባለሱቆች ጎግል በዚህ ምክንያት ድረ ገጻቸውን የሚቀጣ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው መደጋገም ግን በራሱ ቅጣት አያመጣም። ጎግል የሚመሳሰሉትን ገጾች በአንድነት ይመድብና ከመካከላቸው አንዱን ወካይ አድርጎ ይመርጣል፤ የቀሩት በፍለጋ ውጤት ላይ አይታዩም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ያለው ምርጫው ከባለሱቁ እጅ በመውጣቱ ላይ ነው። የተመረጠው ገጽ ተሸጦ ያለቀው አረንጓዴ ጥለት ሊሆን ይችላል፤ «ቀይ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ» ብላ የምትፈልገው ሙሽራ ደግሞ ቀዩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ እያለ አታገኘውም።

ለዚህ በመጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ ቀለሙንና ሳይዙን ርዕሱ መጨረሻ ላይ በሶፍትዌሩ ማስጨመር ነው፦ «የሐበሻ ቀሚስ – ቀይ – M»፣ «የሐበሻ ቀሚስ – ቀይ – L» እያሉ እስከ ሠላሳ። ርዕሶቹ ይለያያሉ፣ ገጾቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ቀይ M እና ቀይ L ፎቷቸው አንድ፣ ጽሑፋቸው አንድ፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋቸውም አንድ ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት የተለየ ገጽ አይገኝም። ስለዚህ ርዕስ ከመጻፍ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ከቀለምና ከሳይዝ የራሱ ገጽ የሚገባው የትኛው ነው?

መልሱን በግምት መፈለግ አያስፈልግም። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው Search Console ውስጥ Performance የሚለው ክፍል ሰዎች ምን ጽፈው ሲፈልጉ ሱቁ እንደታየላቸው ያሳያል። የጥቂት ወራቱን ዝርዝር ከፍቶ በመጀመሪያ የቀለም ስሞችን፣ ቀጥሎ የሳይዝ ምልክቶችን እየጻፉ ማጣራት ነው። በቀሚስ ላይ የሚጠበቀው ውጤት ግልጽ ነው፦ ሰው «ቀይ»፣ «ነጭ በወርቃማ» ብሎ ይፈልጋል እንጂ «ቀሚስ M» ብሎ አይፈልግም። ሳይዙን የሚመርጠው ቀሚሱን ካየና ከወደደ በኋላ ነው። እንግዲያው ቀለም ገጽ ይሁን፣ ሳይዝ በገጹ ውስጥ የሚነካ ምርጫ ይሁን። ሠላሳው ገጽ ወደ 6 ወረደ።

አሁን ርዕሱን እንጻፍ። የምመክረው አሠራር የሚለየውን ቃል ከፊት ማድረግ ነው፦ ቀለሙ፣ ቀጥሎ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ጨርቁ ወይም አሠራሩ፣ በመጨረሻ የሱቁ ስም። ጎግል ለርዕስ የተወሰነ የፊደል ቁጥር አላስቀመጠም፤ ነገር ግን ከስክሪኑ ስፋት የተረፈውን ይቆርጠዋል። በስልክ ላይ «ውብ ባህላዊ የሐበሻ ቀሚስ ለሠርግና ለበዓል» ብለው የሚጀምሩ 6 ርዕሶች ቢደረደሩ ቀለሙ ሳይደርስ መስመሩ ሊያልቅ ይችላል። አንባቢዋም ስድስቱን አንድ ነገር አድርጋ ታልፋቸዋለች።

የቀለሙ ስም ገዢዋ የምትጠራው ይሁን። ሻጭ ለጥለቱ «የንጋት ፀሐይ» የሚል ስም ቢያወጣለት መልካም ነው፣ ቦታው ግን ማብራሪያው ውስጥ ነው፤ ርዕሱ ላይ «ብርቱካናማ» መባል አለበት። «ሐበሻ» እና «ሀበሻ» ብለው ለሚጽፉ ሰዎች ሁለት ገጽ መክፈትም የሸሸነውን መደጋገም መልሶ መጥራት ነው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ገጽ ላይ መጽናት ይሻላል።

የቀዩ ጥለት ገጽ በኮድ ሲታይ እንዲህ ይሆናል፦

```html
<title>ቀይ ጥለት የሐበሻ ቀሚስ፣ ፈትል – የሱቁ ስም</title>
<link rel="canonical"
 href="https://example.com/kemis/key-tilet">
```

ሁለተኛው ትእዛዝ ለፍለጋ ሞተሩ «የዚህ ገጽ ዋና አድራሻ ይህ ነው» ብሎ ይናገራል። ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በጋራ መቀበል የጀመሩት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ደንበኛዋ M ስትነካ አድራሻው `key-tilet?size=m` ቢሆን እንኳ በውስጡ የሚጻፈው ዋና አድራሻ ያው የቀዩ ገጽ ነው፤ ስለዚህ አምስቱም ሳይዞች ወደ አንድ ይሰበሰባሉ።

ከፍተኛው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የሱቅ ሶፍትዌር የስድስቱንም ቀለሞች ዋና አድራሻ ወደ አንድ የጋራ ገጽ ያመለክታል። እንዲህ ከሆነ ለየቀለሙ የተለፋበት ርዕስ በፍለጋ ላይ አይወጣም፤ ባለሱቁ ራሱ «ይህን ተዉት» ብሏልና። እያንዳንዱ ቀለም ወደ ራሱ ማመልከት አለበት። ያም ሆኖ ይህ ምልክት ለጎግል ጥቆማ እንጂ ግዴታ አይደለም። የቀይና የሰማያዊ ገጾች ከአንድ ቃል በቀር አንድ ከሆኑ ጎግል ጥቆማውን ትቶ ሊያዋህዳቸው ይችላል። ስለዚህ የየቀለሙ ፎቶ የራሱ ይሁን፤ ማብራሪያውም ስለዚያ ጥለት እውነት የሆነ ነገር ይናገር፦ የጥለቱ ስፋት፣ ከየትኛው ነጠላ ጋር እንደሚሄድ፣ ሲታጠብ ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ። ለሰማያዊው የሚባል የተለየ ነገር ከሌለ ሰማያዊውም እንደ ሳይዙ በገጽ ውስጥ ምርጫ ሆኖ ቢቀር ይሻላል።

መዋሃዱ መድረሱን ማወቅ አይከብድም። Search Console ላይ የገጹን አድራሻ አስገብቶ Google-selected canonical የሚለውን መስመር ማንበብ ነው። እዚያ የሌላ ቀለም አድራሻ ከተጻፈ ጎግል ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል። በሳይዝ አድራሻዎች ላይ ግን Alternate page with proper canonical tag የሚል ቢታይ አያስደነግጥም፤ የፈለግነው ያንኑ ነው።

ሌላው የማደናገሪያ ምንጭ የጎግል ሾፒንግ የዕቃ ዝርዝር ነው። እዚያ ቀይ M እና ቀይ L ለየብቻ የሚመዘገቡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ `item_group_id` በሚባል የጋራ መለያ ይያያዛሉ፣ ርዕሳቸውም ቀለሙንም ሳይዙንም ቢይዝ ትክክል ነው። ያንን ርዕስ ገልብጦ ለድረ ገጹ መጠቀም ግን ወደ ሠላሳው ገጽ መመለስ ነው።

በፍራሽ ሱቅ ነገሩ ይገለበጣል። ፍራሽ ፈላጊ ስለ ልባሱ ቀለም አይጨነቅም፤ አልጋው 120 ሳንቲ ሜትር ከሆነ «120 ፍራሽ» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ገጹን የሚያገኘው ስፋቱ ነው፤ ዋጋውና ክብደቱም ስለሚለያዩ ለየገጹ የሚጻፍ ነገር አይጠፋም። ርዕሱም በቁጥሩ ይጀምራል፣ ቀለሙ ደግሞ በገጹ ውስጥ ይመረጣል።

ሠላሳውን ገጽ አስቀድሞ ያወጣ ሱቅ የቀድሞዎቹን አድራሻዎች ዝም ብሎ ማጥፋት የለበትም፤ ሰዎች በቴሌግራም የተላላኳቸው ሊንኮች አሉ። የቀይ M የድሮ ገጽ በ301 ወደ ቀዩ ገጽ ይመራ። አንድ ቀለም ለጊዜው ቢያልቅ ገጹ «አልቋል» ተብሎ ይቆይ፤ ዳግመኛ የማይሸመን ከሆነ ግን በጥለቱ ወደሚቀርበው ቀለም ይመራ።