መጠየቅ ወይስ ማሳወቅ? የአንዲት ነርስ የመልቀቂያ ደብዳቤ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞም ይሁን ለቡ፣ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ያለበት ሱቅ ገብቶ «መልቀቂያ ጻፍልኝ» ያለ ሰው ብዙ አይጠየቅም። ጸሐፊው ቀድሞ ለሌላ ሰው የጻፈውን ይከፍታል፤ ስሙንና ቀኑን ይቀይራል፤ ያትማል። ከወረቀቱ መሐል ደመቅ ብሎ ከሥሩ የተሰመረበት አንድ መስመር ግን ሳይነካ ያልፋል፦ «ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ»። ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ መስመር ነው።

«መልቀቂያ» ስንል ሁለት ወረቀቶችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ሠራተኛዋ «እሄዳለሁ» ብላ የምታስገባው ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ንብረት ማስረከቧን አረጋግጦ በመጨረሻ የሚሰጣት ነው። ሁለተኛውን መጠየቅ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ግን ልመና አይደለም። በግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ አዋጁ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ውሏን እንድታቋርጥ ይፈቅዳል። የአሠሪውን ይሁንታ እንድትጠብቅ አያዝም። «እንዲፈቀድልኝ» ብላ ስትጽፍ ግን መብቷን ራሷ ወደ ማመልከቻ ትለውጠዋለች፤ ማመልከቻ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሊያድር፣ «ሰው እስክናገኝ ታገሺ» ሊባልበት ይችላል። በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሚመለከታት የእሷ መንገድ ሌላ ነው፤ እዚህ የምናየው የግሉን ነው።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንዲት ነርስ እናስብ። ጀሞ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ከመስከረም 16 ቀን 2012 ጀምሮ ሠርታለች። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛው መርሐ ግብር ተቀባይነት አግኝታለች፤ ምዝገባው መስከረም 20 ነው። ደብዳቤዋን ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017፣ ታስገባለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 አንድ ወር ይመስላል። ጳጉሜን ግን መሐል አለች። ቆጠራው ደብዳቤው ከገባበት ማግሥት ካለው የሥራ ቀን ማለትም ከነሐሴ 21 ይጀምራል፤ ነሐሴ 30 ላይ 10 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን 5 ላይ 15 ቀን፤ መስከረም 15 ላይ 30 ቀን ይሞላል። ከመስቀል በፊት ነጻ ናት ማለት ነው፤ ለምዝገባውም ቀናት ይተርፏታል። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ብትሄድ ኖሮ እስከ 30 ቀን ደመወዟ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቅ ትችል ነበር።

ደብዳቤዋ እንዲህ ይነበባል፦

«ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክሊኒኩ የሰው ኃይል አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የሥራ ውሌን የማቋርጥ መሆኑን ስለማሳወቅ

ከመስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በክሊኒኩ በነርስነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በመደበኛው መርሐ ግብር ተቀባይነት በማግኘቴ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት፣ የሥራ ውሌ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚቋረጥ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ሥራ ስጀምር የሕፃናትን የደም ሥር ለማግኘት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኔ ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ ደጋግመው ያሳዩኝን የማታ ተረኛ ነርሶች አልረሳቸውም። ዛሬ ልማር የምሄደው እነሱ ባስያዙኝ ሙያ ነው።

በየሁለት ቀኑ ቁስላቸው የሚታጠብላቸውን አራት የስኳር ሕሙማን ከሚተካኝ ባልደረባ ጋር አብረን እያየን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። የድንገተኛ ክፍል የመድኃኒት ቁምሣጥን ቁልፍንም በርክክብ ሰነድ አስረክባለሁ። ንብረት ካስረከብኩ በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን በግልጽ መጻፋቸው ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ሁለቱን እንዲይዝ ይፈልጋል። «በቅርቡ» ወይም «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ ለክርክር በር ይከፍታል። ሙቀቱ ያለው ደግሞ በሁለተኛው አንቀጽ ብቻ ነው፤ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በየደብዳቤው «የተከበረው ድርጅታችሁ ላደረገልኝ ሁሉ» የሚል ምስጋና አለ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ግን አይነግርም። እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረን ሰው ያስተማሩ ነርሶች ግን ደብዳቤው ሲነበብ ራሳቸውን ያውቃሉ። ለእኔ ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጠው ግን አራቱ ሕሙማን የተነሱበት ዓረፍተ ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ሽታው ሲቀየር፣ ጠርዙ ሲጠቁር የምታውቀው ደጋግማ ያየችው ነርስ ናት፤ ይህ እውቀት ካርድ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሰፍርም። ስማቸው ደብዳቤው ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍም የለበትም። ደብዳቤው በብዙ እጅ ያልፋል፤ የሕሙማኑ ዝርዝር በካርድ ቁጥር ተዘጋጅቶ በርክክቡ ሰነድ ውስጥ ይቀመጣል።

ብዙ ነርሶች ሳያውቁት የሚያልፍ አንድ የገንዘብ ነገርም አለ። በራሷ ፈቃድ የለቀቀች ሠራተኛ ቢያንስ 5 ዓመት አገልግላ ከሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባታል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ለስሌት እንዲመች ደመወዟ 12,000 ብር ነው እንበል፦ 12,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ ለቀሪዎቹ አምስት ዓመታት በ4,000 ሂሳብ 20,000፣ በድምሩ 32,000 ብር። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ አሠሪው ከሰጣት ሥልጠና ጋር በተያያዘ ተጨማሪ ለማገልገል የገባችው የውል ግዴታ መኖር የለበትም። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፏ በፊት በሥራ ላይ ሳለች ሥልጠና ስትላክ የፈረመችውን ወረቀት አውጥታ ታንብብ። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብላታል።

ልምድ ማስረጃውን በተመለከተ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ገልጾ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሥራ ግብር ስለመከፈሉም እንዲጻፍላት ብትጠይቅ ትጠቀማለች፤ ከትምህርት በኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልትቀጠር ስትሄድ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተማል። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት ይመለስላታል። «ነገ እመታልሻለሁ» ከተባለች እስከ ነገ አትተወው፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚያያዘው ደብዳቤው ገቢ ከተደረገበት ቀን ጋር ነውና።

«እህቴ፣ ኃላፊው ሳያዩት እንዴት ልቀበልሽ?» ትላት ይሆናል የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ።

«እሳቸውም ያዩታል፤ አንቺ መግባቱን ብቻ መዝግቢልኝ።»

ማኅተሙ እስኪደርቅ ድረስ ትጠብቅና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ወደ ተረኝነቷ ትመለሳለች፤ ዛሬ ከአራቱ የሁለቱ ቁስል የሚታጠብበት ቀን ነው።