ፍሪጁን የሚያደክመው የሁድ ቅባት

በአንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ፍሪጁ፣ ኦቭኑና ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ሁድ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ባለቤቶች ግን ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚያዩአቸው። ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ሲል የፍሪጅ ጠጋኝ ይጠራል። ኦቭኑ ማሳረር ሲጀምር የጋዝ ባለሙያ ይፈለጋል። ሁዱን ደግሞ ጭሱ እንግዶች ዘንድ እስኪደርስ ማንም አያስታውሰውም።

ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ማዕድ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ፍሪጅ ከምግቡ ያወጣውን ሙቀት የሚያራግፈው በዚያው ክፍል አየር ላይ ነው። የኦቭኑ ጋዝም የሚነደው በዚያው አየር ነው። ሁዱ ደግሞ ሙቀቱን፣ ጭሱንና በዓይን የማይታየውን የቅባት ብናኝ ይዞ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሁዱ ያልሳበው ቅባት የትም አይጠፋም፤ ግድግዳው ላይ፣ ኦቭኑ ላይና ከሁሉ በላይ አየር እየሳበ በሚሠራው በፍሪጁ ኮንደንሰር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጥገና መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ሁዱ መሆን አለበት።

በአዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ከኮንደንሰሩ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ለጋዝ ነበልባሉ የሚያደርሰው ኦክስጅንም እንዲሁ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ብዙም የማይታወቅ ቆሻሻ እዚህ ቶሎ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ የሚሞቀው ፍሪጅ

ለምሳሌ አንድ ቋሚ ፍሪጅ፣ አንድ ፍሪዘር፣ አንድ የጋዝ ኦቭንና አራት ማጣሪያ ያለው ሁድ ያለበትን ማዕድ ቤት እንውሰድ። ሠራተኞቹ የፍሪጁን ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ በደብተር ይጽፋሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 4 ዲግሪ ነው። ከምሳው ግርግር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ 9 ዲግሪ ይሆናል። ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ መብለጥ የለበትምና ይህ ልዩነት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚል ነው። ነገር ግን የፍሪጅ ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚሠራ እንጂ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ አይደለም። ከቀነሰም ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። ደብተሩም ሌላ ነገር ይናገራል። ጋዙ ቀንሶ ቢሆን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱንም አይለቅም፤ ከሳምንት ሳምንትም እየባሰ ይሄዳል። ይህ ፍሪጅ ግን ማዕድ ቤቱ ሲቀዘቅዝ እያገገመ፣ ምድጃው ሲነድ እየደከመ ነው። ሙቀቱን ማራገፍ አቅቶታል ማለት ነው።

ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ የኮንደንሰሩ መከለያ ሲከፈት ቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች በአቧራና በቅባት ተለብደው ይገኛሉ። በደረቅ ብሩሽ ብቻ የሚለቅ አቧራ ቢሆን ከወለሉ የመጣ ነው። የሚያጣብቅ ከሆነ ግን የመጣው ከምድጃው ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ሁዱ ይመራል። የሁዱ ፋን እየሠራ አንድ ስስ ሶፍት ማጣሪያው ላይ ሲደረግ ተስቦ መለጠፍ ነበረበት፤ እዚህ ግን ይወድቃል። ማጣሪያዎቹ ተደፍነዋል፣ የፋኑ ቺንጊያም ላልቷል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኮንደንሰሩን ብቻ ያጸዳ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ይመለሳል። መጀመሪያ ማጣሪያዎቹ ይታጠባሉ፣ ቺንጊያው ይጠብቃል ወይም ይለወጣል፤ ከዚያ ኮንደንሰሩ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ የዘጠኝ ሰዓቱ ቁጥር ወደ 5 ዲግሪ ከወረደ ምክንያቱ ተገኝቷል። ካልወረደ ያን ጊዜ የፍሪጅ ባለሙያ ይጠራል።

ሁዱ፦ በየሳምንቱ

ቁሌት በየቀኑ የሚቁላላበት፣ ጥብስና ሳምቡሳ የሚወጣበት ማዕድ ቤት ማጣሪያውን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ አለበት፤ መጥበሱ ከበዛ በየማታው። ማጣሪያዎቹ ይወርዱና ቅባት በሚፈታ ሳሙና በሞቀ ውሃ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ ተቦርሸው፣ ታጥበው፣ ደርቀው ይመለሳሉ። የአሉሚኒየም ማጣሪያ በካውስቲክ ሶዳ መዘፍዘፍ የለበትም፤ ሶዳው ብረቱን ይበላዋል። ሲመለሱም ሽንሽኖቹ ከላይ ወደ ታች እንዲቆሙ ይደረጋል፤ አግድም ከሆኑ ቅባቱ ወደ መሰብሰቢያው መውረዱን ትቶ ምድጃው ላይ ይንጠባጠባል።

ከማጣሪያው ጀርባ ያለውን ቱቦ ግን ማጣሪያ ማጠብ አያጸዳውም። እሳት ከምድጃ ተነሥቶ ጣሪያ የሚደርሰው እዚያ በተከማቸው ቅባት ነው። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 96 ደንብ ቱቦው በከሰልና በእንጨት ለሚያበስል ማዕድ ቤት በየወሩ፣ ብዙ ለሚያበስል በየሦስት ወሩ፣ መካከለኛ ለሆነ በየስድስት ወሩ እንዲፈተሽ ያዛል። ከሰል ላይ ሥጋ የሚጠብስ ቤት በመጀመሪያው ምድብ ነው።

አንድ ብዙዎችን የሚያታልል ብልሽት አለ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ፋን መስመሩ ተነካክቶ ሁለቱ ሽቦዎች ከተቀያየሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፁ ያው ነው፤ ጥቂት አየርም ይስባል፤ ጭሱ ግን አይወጣም። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሶፍቱ ከወደቀ፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ሥራ ከተሠራ በኋላ ከሆነ፣ የፋኑ አዟዟር ይታይ። በሩና መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ እንደሆነም ይታይ፤ የሚገባ አየር ከሌለ ሁዱ የሚያስወጣው አያገኝም።

ፍሪጁና ፍሪዘሩ፦ በየቀኑና በየወሩ

የየቀኑ ሥራ ማንበብና መጻፍ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር የፍሪጁ አየር ቶሎ ስለሚሞቅ ቴርሞሜትሩን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማድረግ ይሻላል፤ ውሃው የሚነግረን የምግቡን ያህል ሙቀት ነው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት።

በወር አንድ ጊዜ ኮንደንሰሩ ይጸዳል። ከሶኬት ይነቀላል፤ ለስላሳ ብሩሽ በክንፎቹ አቅጣጫ ይሳባል፤ የተጣበቀው ቅባት በሳሙና ውሃ በራሰ ብሩሽ ይነሣል። ክንፎቹ በቀላሉ ስለሚታጠፉ የብረት ብሩሽ አይነካቸውም። በዚያው ቀን የበሩ ጎማ ይታጠባል፣ ይፈተናልም፦ አንድ የብር ኖት በበሩና በአካሉ መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋል። ሲሳብ ያዝ ካደረገ ጎማው ደህና ነው፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ ሞቃት አየር እየገባ ነው። በሩን ዙሪያውን መሞከር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚላላው በማጠፊያው በኩል ያለው ማዕዘን ነው።

ፍሪዘሩ ውስጥ የተጋገረ በረዶ ሲኖር በቢላ መፈቅፈቅ በጣም ውድ ስሕተት ነው። ቢላው ቱቦውን ከወጋ ጋዙ ይወጣል። ማጥፋት፣ በሩን ከፍቶ መተውና በራሱ እንዲቀልጥ መጠበቅ ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስም ጥንቃቄ ይገባል። ኮምፕሬሰር ከቆመ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወዲያው ለመነሣት ሲታገል ሞተሩ ይግላል። ኃይሉን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መከላከያ ይህን ያስቀራል።

ኦቭኑ፦ ነበልባሉን ማየት

ጥሩ የጋዝ ነበልባል ሰማያዊና የተረጋጋ ነው። ጫፉ ቢጫ ከሆነና ድስቱን ወይም የኦቭኑን ውስጥ ጥቀርሻ ካለበሰው አየር አንሶታል። መጀመሪያ የሚታየው የማንደጃው ቀዳዳዎችና የአየር መግቢያው ንጽሕና ነው፤ በወር አንድ ጊዜ በብሩሽ ይጸዳሉ። ቀዳዳውን በሚስማር መፈልቀቅ ያሰፋዋል፣ ነበልባሉንም ያበላሻል። ጸድቶም ቢጫው ካልለቀቀ ዕቃው ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያስተካክለው የጋዝ ባለሙያ ነው።

ሲሊንደር በተለወጠ ቁጥር መጋጠሚያዎቹ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አረፋው እየተነፋ ካደገ ጋዝ እያመለጠ ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይሞከርም።

ኦቭኑ የሚያሳየው ቁጥር እውነት መሆኑን ለማወቅ የኦቭን ቴርሞሜትር መሃል ላይ ይቀመጥና 180 ዲግሪ ላይ ይከፈታል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ንባብ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመዘገብና አማካዩ ይወሰዳል። ከ180 ጋር ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ ካለፈ ቴርሞስታቱ ይስተካከል። በሩ ሙቀት የሚያስወጣ ከሆነ ግን ከቴርሞስታቱ በፊት የበሩ ጎማ ይለወጥ። ይህ ፈተና በሦስት ወር አንዴ ይበቃል።

መርሐ ግብሩን ከጾሙ ጋር ማያያዝ

ትልቁ ጽዳት የሚዘለለው ፍሪጁ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ የጾሙ ወቅት ይረዳል። የሁዳዴ መግቢያ ሰሞን ሥጋና ቅቤ ከብዙ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ይወጣል፤ ፍሪዘሩን ለማቅለጥና ጎማ ለመለወጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ባለሙያ ለመቅጠርም ሆነ መለዋወጫ ለመፈለግ ጊዜ አለ። ዘይት መጥበሱ ግን በጾም ስለማይቀንስ የሁዱ ሳምንታዊ ሥራ አይቋረጥም።

ለማዕድ ቤቱ ግድግዳ የሚሆነው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

- በየቀኑ፦ የፍሪጅና የፍሪዘር ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ መጻፍ፤ የነበልባሉን ቀለም ማየት።
- በየሳምንቱ፦ የሁድ ማጣሪያ ማጠብ፤ የሶፍት ፈተና።
- በየወሩ፦ ኮንደንሰር፣ የበር ጎማ፣ የኦቭን ማንደጃ፣ የፋን ቺንጊያ።
- በየሦስት ወሩ፦ የኦቭን ሙቀት ፈተና፤ የሁድ ቱቦ ፍተሻ፣ ከሰል ካለ በየወሩ።
- በዓመት፦ ፍሪዘር ባዶ አድርጎ ማቅለጥ፤ የጋዝ መስመርና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎችን በባለሙያ ማስፈተሽ።

ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሚሠራው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። ጠጋኝ ሲመጣም በመጀመሪያ የሚሰጠው ያ ደብተር ነው። ሙቀቱ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ኮንደንሰሩ መቼ እንደጸዳና ሶፍቱ ይለጠፍ እንደሆነ የሚያውቅ ባለቤት «ጋዝ ይሞላ» ሲባል፣ ቀዳዳው የት እንደተገኘ ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ በእጁ አለ።