ማረሚያ ቁልፉ ላይ የሌለው መንገድ

በአንድ የካልኩለስ ፈተና ላይ አምስት ማርክ የሚይዝ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወጣ እንበል፦

∫₁ᵉ ln x dx

ካልኩለስ ለማያውቅ አንባቢ፣ ይህ ምልክት የሚጠይቀው ስፋት ነው። y = ln x የሚባለው ኩርባ ከ x = 1 እስከ x = e ባለው ርቀት ከአግድሙ መስመር በላይ ምን ያህል ቦታ ይሸፍናል? ማለት ነው። e ወደ 2.718 የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ነው። ln x ደግሞ «e በስንት ፓወር ከፍ ቢል x ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነው። ስለዚህ ln 1 ዜሮ፣ ln e ደግሞ 1 ይሆናል። ኩርባው 1 ላይ ከአግድሙ መስመር ይነሳና e ላይ ሲደርስ ቁመቱ 1 ነው።

መምህሩ በእጁ የያዘው ማረሚያ ቁልፍ የሚያሳየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ተማሪዎች «ባይ ፓርትስ» እያሉ የሚጠሩትን። u = ln x እና dv = dx ይባላል፤ ከዚያ x ln x − ∫ x·(1/x) dx ይጻፋል፤ ይህም x ln x − x ይሆናል። ወሰኖቹ ሲገቡ (e − e) − (0 − 1) = 1። ቁልፉ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ አንድ ማርክ መድቧል፦ u እና dv ለመምረጥ፣ ቀመሩን በትክክል ለማዋል፣ x ln x − x ለማግኘት፣ ወሰኖቹን ለማስገባት፣ በመጨረሻም ለመልሱ።

ከወረቀቶቹ መካከል ግን u የሚባል ነገር የሌለበት አንድ ወረቀት አለ። ተማሪዋ ግራፍ ሥላለች። ኩርባውን ከሣለች በኋላ ወርዱ e፣ ቁመቱ 1 የሆነ አራት ማዕዘን ከመነሻው ነጥብ ጀምራ አስምራለች። ከኩርባው በስተግራ ያለውን ክፍል በእርሳስ አጥቁራ x = e^y ብላ ጽፋበታለች። ከሥዕሉ ሥር ያለው ይህ ብቻ ነው፦

e·1 − ∫₀¹ e^y dy = e − (e − 1) = 1

መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን ከቁልፉ አምስት እርምጃዎች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወረቀቱ ላይ የሉም። ቁልፉን ቃል በቃል የሚከተል አራሚ ቢበዛ የመልሱን አንድ ማርክ ሰጥቶ ያልፋል። ሁለት መቶ ወረቀት ከፊቱ ለተቆለለ ሰው ይህ ቀላሉ ነገር ነው፤ ተማሪዋ ግን የሚገባትን አላገኘችም።

ሥራዋን ቀረብ ብለን እንየው። አራት ማዕዘኑ በጠቅላላው e የሚያህል ስፋት አለው። ኩርባው ለሁለት ይከፍለዋል፦ ከኩርባው በታች በስተቀኝ ያለው ጥያቄው የሚፈልገው ቦታ ነው፤ በስተግራ ያለው ደግሞ በቁመቱ መስመርና በኩርባው መካከል የተያዘው ነው። የግራውን ክፍል ጎን ለጎን ከመቁረጥ ይልቅ ከታች ወደ ላይ በስስ አግድም ቁራጮች ብንቆርጠው፣ በ y ከፍታ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ቁራጭ ርዝመት e^y ይሆናል፤ ምክንያቱም y = ln x ማለት x = e^y ማለት ነው። ከፍታው ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። የ e^y ኢንተግራል ራሱ e^y ስለሆነ የግራው ክፍል e − 1 ነው። ከ e ላይ e − 1 ሲቀነስ 1 ይቀራል። አንዳችም የጎደለ ነገር የለም።

እንግዳ የሚመስለው ይህ ሥራ ከቁልፉ የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም የቁልፉ ራሱ ሥዕል ነው። ባይ ፓርትስ የሚለው ∫ u dv = uv − ∫ v du ነው። እዚህ uv ማለት x ln x ነው፤ e ላይ ሲሰላ e × 1፣ ማለትም የአራት ማዕዘኑ ስፋት። ∫ v du ደግሞ ∫ x d(ln x) ነው፤ ln x ን y ብለን ብንጠራው ∫ e^y dy ይሆናል፣ ማለትም ተማሪዋ ያጠቆረችው ክፍል። ቁልፉ በፊደል ያደረገውን እሷ በስፋት አደረገችው። የአንድን ፈንክሽን ኢንተግራል ከኢንቨርሱ ኢንተግራል የሚያገናኘውን ይህን ዝምድና ፈረንሳዊው የሂሳብ ሰው ሻርል አንዥ ሌዛን እ.ኤ.አ. በ1905 አሳትሞታል። ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው አልጻፈውም እንጂ ሂሳቡ ካወቀው ቆይቷል።

መልስ ልክ መሆኑ ብቻውን ግን መንገዱን ልክ አያደርገውም፤ ይኸው ጥያቄ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሌላ ተማሪ ኢንተግራሉን ጭራሽ ሳይሠራ ወሰኖቹን ብቻ አስገብቶ ln e − ln 1 = 1 − 0 = 1 ብሎ ጽፏል እንበል። መልሱ ያው 1 ነው። ይህ ተማሪ የ ln x ኢንተግራል ln x ራሱ ነው ብሎ ነው የሄደው፤ የ ln x ዴሪቬቲቭ 1/x ስለሆነ ሐሰት ነው። ወደ 1 ያደረሰው የቁጥሮቹ አጋጣሚ ነው። እዚህ የመልሱም ማርክ ሊሰጥ አይገባም፤ የመልስ ማርክ የሚሰጠው ከትክክለኛ ሥራ ለወጣ መልስ ነው። መልስ ብቻ አይቶ የሚያርም ሰው ይህንን ተማሪና ሥዕል የሣለችውን እኩል ያደርጋቸዋል፤ እርምጃ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ የሥዕሉን ባለቤት ከእሱ እምብዛም አያስበልጣትም።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? አራሚው ማድረግ ያለበት መንገዱን ወስዶ ራሱ በሌላ ቁጥር መሞከር ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የላይኛውን ወሰን ከ e ወደ e² እንቀይረው። በቁልፉ መንገድ መልሱ e² + 1 ነው፣ 8.39 ገደማ። በአጋጣሚ ልክ የሆነው መንገድ ln e² − ln 1 = 2 ይሰጣል፤ እዚያው ወደቀ። የሥዕሉ መንገድ ደግሞ ወርዱ e²፣ ቁመቱ 2 ከሆነ አራት ማዕዘን ይነሳል፤ 2e² − (e² − 1) = e² + 1። ጸንቶ ቆመ።

ጠበቅ ያለ ፈተናም አለ። የታችኛው ወሰን 1 መሆኑ ተማሪዋን አንድ እርምጃ አድኗታል፤ 1 ላይ የኩርባው ቁመት ዜሮ ነውና። ወሰኖቹ ከ e እስከ e² ቢሆኑ ከትልቁ አራት ማዕዘን ላይ ወርዱ e፣ ቁመቱ 1 የሆነ ትንሽ አራት ማዕዘንም መቀነስ አለበት፦ 2e² − e − ∫₁² e^y dy = 2e² − e − (e² − e) = e²። ትንሹን አራት ማዕዘን የረሳ ሰው e² + e ላይ ይደርሳል፤ ስህተት ነው። በክፍል ፈተና ጊዜ መምህሩ ጥርጣሬ ከገባው ተማሪዋን ጠርቶ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢሰጣት፣ ሥዕሉን አስባበት ይሁን ከሌላ ሰው ወረቀት ገልብጣው ወዲያው ይታያል። ለፈተናው ማርክ ግን ይህን መጠየቅ አይገባም። ወረቀቱ ላይ የተጠየቀው ከ1 እስከ e ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሥራዋ ሙሉ ነው።

ማርኩ እንዴት ይደልደል? ቁልፉ u እና dv ለመምረጥ የሰጠው ማርክ በእርግጥ የሚከፍለው ለሁለት ፊደል አይደለም፤ በቀጥታ የማይሠራውን ኢንተግራል ወደሚሠራ ኢንተግራል ለመቀየር ነው። ተማሪዋ x = e^y ብላ ስትጽፍ ያንኑ አድርጋለች። ሁለተኛው ማርክ ቅየራው በትክክል ለመዋሉ ነው፤ የእሷ e·1 እና ከ0 እስከ 1 ያሉት ወሰኖች ለዚያ ይቆማሉ። ሦስተኛው ለ e^y ኢንተግራል፣ አራተኛው ወሰኖቹ ገብተው e − 1 ለመገኘቱ፣ አምስተኛው ለመልሱ። አምስት ከአምስት። በሥዕሉ ላይ x = e^y ባይጻፍና የ e^y ኢንተግራልም ባይታይ፣ e − (e − 1) = 1 የምትል መስመር ብቻዋን ብትቀር ግን እኔ ሙሉ ማርክ አልሰጥም፤ e − 1 ከየት እንደመጣ አንባቢው እንዲገምት ተጥሏልና። ሥዕሉ ሐሳቡን በግልጽ ካሳየ ለእሱ ሁለት ማርክ እሰጣለሁ፣ የቀረውን እይዛለሁ።

መቼ ነው ሌላ መንገድ የማይቆጠረው? ጥያቄው ራሱ መንገዱን ሲወስን ነው። «ባይ ፓርትስ ተጠቅመህ አስላ» ከተባለ የሚፈተነው መንገዱ ነው፤ የሥዕሉ ሥራ ምንም ያህል ቢያምር ለዚያ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በብዙ አገሮች የሚሰጠው የካምብሪጅ ኤ ሌቭል ሂሳብ ፈተና ማረሚያ ይህንኑ በግልጽ ያስቀምጣል፦ ጥያቄው አንድን መንገድ ካልወሰነ በቀር ለማንኛውም ትክክለኛ መንገድ ሙሉ ማርክ ሊሰጥ ይችላል። በአገራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ይህ ጣጣ እዚያ አይነሳም። የሚነሳው በክፍል ፈተናና በዩኒቨርሲቲ ሚድና ፋይናል ላይ ነው። እዚያ «አስላ» ብሎ ጠይቆ በልቡ «በአስተማርኩህ መንገድ» የሚል መምህር አለ፤ ልቡ ውስጥ ያለውን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

አንድን ኮርስ ብዙ መምህራን የሚያርሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ያው ሥዕል በአንዱ ሴክሽን አምስት፣ በሌላው አንድ ማርክ ሊያገኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ቶሎ መደረግ አለበት። ያልታሰበውን መንገድ መጀመሪያ ያገኘው አራሚ ወረቀቱን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ለባልደረቦቹ ያሳያል፣ ከተስማሙ «ሁለተኛ መንገድ፦ በኢንቨርስ ፈንክሽን ስፋት» ተብሎ ከነማርክ ድልድሉ ቁልፉ ላይ ይጨመራል። ከዚያ ቀደም ብለው የታረሙት ወረቀቶችም ተመልሰው ይታያሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ከመቶ ወረቀት በኋላ የተገኘ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ውስጥም ሊኖር ይችላልና መዘለሉ ተገቢ አይደለም።

ተማሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ያልተለመደ መንገድ የመረጠ ተማሪ አራሚው ያንን ሐሳብ ከዚያ ወረቀት በፊት አይቶት እንደማያውቅ አስቦ መጻፍ አለበት። «የአራት ማዕዘኑ ስፋት e ነው፤ ከኩርባው በስተግራ ያለው ክፍል በ x = e^y ስለሚወሰን ስፋቱ ∫₀¹ e^y dy ነው፤ የሚፈለገው የሁለቱ ልዩነት ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር፣ ቁልፉ ላይ ምንም ቢጻፍ አራሚው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።